ድምፅ ሳይሰማ የሚጫወት ጌም፦ ሰብታይትሉ «ምን» እንደሆነ ይነግራል፣ «ከየት» እንደሆነስ?

ሳምራዊት_መ

ሰላም ለሁላችሁ። የ14 ዓመት ልጅ አለ፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ምንም አይሰማም። ማይንክራፍት ጃቫ ኤዲሽን በኮምፒውተር ይጫወታል፣ ሰብታይትሉንም አብርተንለታል። ችግሩ ክሪፐር የሚባለው፣ ተጠግቶ የሚፈነዳው ጭራቅ ላይ ነው። ሊፈነዳ ሲል በስክሪኑ ቀኝ ታች በኩል ጽሑፉ ከነቀስቱ ይወጣል። ልጁ ቀስቱ ወደሚያሳየው አቅጣጫ ሲዞር ግን ብዙ ጊዜ እዚያ ምንም የለም፤ ወዲያው ከጀርባው ይፈነዳበታል። «ቀስቱ ይዋሻል» እያለ ነው። የምናስተካክለው ሴቲንግ አለ ወይስ ጌሙ ራሱ እንዲህ ነው? አቅጣጫን በዓይን በደንብ የሚያሳይ ሌላ ጌም የምታውቁ ካላችሁም ንገሩኝ።

---

ብሎክ_ቆፋሪ

ቀስቱ አይዋሽም፣ አነባበቡን ስላላወቀው ነው። `<` ካለ በግራ ነው፣ `>` ካለ በቀኝ ነው፣ ቀስት ከሌለው ከኋላ ነው። ጽሑፉ ደማቅ ከሆነ ቅርብ ነው፣ ደብዘዝ ካለ ሩቅ ነው። ይህን ንገሪው፣ በቃ።

---

ቀስት_አንባቢ

ብሎክ_ቆፋሪ ወንድሜ፣ ግራና ቀኙን ልክ ብለሃል። ሌሎቹ ሁለቱ ግን ስህተት ናቸው፤ ልጁን የሚያስፈነዳውም ይኸው ነው።

ቀስት የሌለው ጽሑፍ ከፊት ለፊት የመጣ ድምፅ ነው። ጌሙ የሚያሰላው አንተ በምታይበት አቅጣጫና ድምፁ በመጣበት አቅጣጫ መካከል ያለውን ማዕዘን ነው። ማዕዘኑ ከ60 ዲግሪ በታች ከሆነ ድምፁ ከፊትህ ነው ብሎ ቀስት አያወጣም። ከ60 በላይ ከሆነ ግን «ወደ ቀኝ ያደላል ወይስ ወደ ግራ?» ብሎ ብቻ ይጠይቅና ከሁለቱ አንዱን ይሰጣል። ለኋላ የተለየ ምልክት የለውም። ስለዚህ ልክ ከጀርባህ ትንሽ ወደ ቀኝ ያለ ክሪፐርም፣ በቀኝ ትከሻህ ትይዩ የቆመ ክሪፐርም አንድ ዓይነት ሆነው ይወጣሉ፦

```
 Creeper hisses >
```

ልጁ ቀስቱን አይቶ 90 ዲግሪ ወደ ቀኝ ይዞራል። ክሪፐሩ ከጀርባው ከነበረ አሁንም ከጎኑ ነው፣ ከዓይኑም ውጭ ነው። «እዚያ ምንም የለም» የሚለው ለዚህ ነው። `>` ማለት «በቀኝ» ማለት ሳይሆን «በቀኝ ወይም ከኋላ፣ ብቻ ከፊትህ አይደለም» ማለት ነው።

መደብዘዙ ደግሞ የርቀት ሳይሆን የዕድሜ ምልክት ነው። ጽሑፉ ሲወጣ ደማቅ ነው፣ ከዚያ በ3 ሰከንድ ውስጥ እየደበዘዘ ይጠፋል። ደብዛዛ መስመር ማለት ድምፁ ከተሰማ ቆይቷል ማለት ነው። ሩቅ ነው ብሎ የተዘናጋ ልጅ ደብዛዛውን እያየ ጎኑ ያለውን ሊረሳው ይችላል።

አሁን ወደ ፍንዳታው። ክሪፐር 3 ብሎክ ያህል ሲቀርብ ይቆምና ለመፈንዳት መሙላት ይጀምራል፤ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ እስኪፈነዳ 1.5 ሰከንድ ብቻ ነው ያለው። ጽሑፉም የሚወጣው ያኔ ነው። ዞሮ መፈለግ ከዚህ ላይ ግማሹን ይበላል። መፍትሔው አለመዞር ነው፦

ቀስቱ `>` ከሆነ `W` እና `A` አብሮ ይዞ መሮጥ፣ ማለትም ወደ ፊትና ወደ ግራ በሰያፍ። `<` ከሆነ `W` እና `D`። ቀስት ከሌለው ከፊቱ ስለሆነ ያየዋል፣ `S` ይዞ ወደ ኋላ ያፈግፍግ። ቀጥ ብሎ ወደ ፊት ብቻ መሮጥ ለምን አይበቃም ብትሉ፣ ክሪፐሩ ከጎንና ከፊት መካከል ካለ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ወደሱ ያቀርባሉ። ሰያፉ ግን ከሁሉም ሁኔታ ያርቃል። ሩጫ በሰከንድ 5.6 ብሎክ ገደማ ነው፤ ክሪፐሩ ደግሞ 7 ብሎክ ካለፍክ ወይም ግድግዳ ከተጋረደበት መሙላቱን ያቆማል። ጊዜው ይበቃል፣ ግን ትንሽ ከተዘገየ አይበቃም።

---

ባስ_ወዳጅ

እኔ የምመክረው ጥሩ 7.1 ሄድፎን ነው። ርካሹ ሄድፎን ፊትና ኋላን አይለይም፤ ጥሩው ግን የክሪፐሩን እግር ሳይቀር ይለየዋል። ሴቲንግ ከመነካካት ይሻላል።

---

ዘሪሁን_ቀኝ

ባስ_ወዳጅ፣ ልጁ ምንም አይሰማም ተብሏል፤ ሄድፎን አይጠቅመውም።

የእኔ ጉዳይ ትንሽ ይለያል ግን ይዛመዳል፦ የምሰማው በግራ ጆሮዬ ብቻ ነው። ዊንዶውስ ላይ `Mono audio` ካላበራሁ በሄድፎኑ ቀኝ በኩል ብቻ የሚወጣው ድምፅ ሙሉ በሙሉ ያመልጠኛል። ካበራሁት ሁሉንም እሰማለሁ፣ ግን ሁሉም ከአንድ ቦታ የመጣ ይመስላል። ስለዚህ «ትንሽ ይሰማል» ለሚባልም ሰው የአቅጣጫ ምልክት ያስፈልገዋል። ቀስት_አንባቢ የጻፍከውን አሁን ነው ያወቅኩት፤ እኔም `>` ሲመጣ ወደ ቀኝ ስዞር ነበር የከረምኩት።

---

ሳምራዊት_መ

ቀስት_አንባቢ እግዜር ይስጥህ። ልጁ ሰያፉን ሞከረው። ከአምስት ክሪፐር ከአራቱ አመለጠ፤ አምስተኛው ጠባብ ዋሻ ውስጥ ነበር፣ መሮጫ አልነበረም። ሁለት ጥያቄ አለው። አንደኛ፦ `Footsteps` የሚለው ያለማቋረጥ ይወጣል፣ የማን እግር እንደሆነ እንዴት ይወቅ? ሁለተኛ፦ አንዳንዴ ዙሪያውን ሙሉ ቢዞርም ቀስቱ አይጠፋም፤ ይህስ ብልሽት ነው?

---

ቀስት_አንባቢ

ሁለቱም ብልሽት አይደሉም።

`Footsteps` የሚለው ለራሱም ለሌላውም እግር አንድ ነው። ስለዚህ ፍተሻው መቆም ነው። እጁን ከቁልፎቹ አንስቶ ወደ 3 ሰከንድ ይጠብቅ፤ የራሱ መስመር ደብዝዞ ይጠፋል። አሁንም `Footsteps` እንደገና ደምቆ ከወጣ፣ በተለይ ከቀስት ጋር፣ ሌላ ነገር እየተራመደ ነው። ለክሪፐር ትልቁ ማስጠንቀቂያ ይህ ነው፤ ዞምቢና አጽም ሲዞሩ ድምፅ ያሰማሉ፣ በራሳቸው ስም ጽሑፍ ይወጣላቸዋል። ክሪፐር ግን እስኪሞላ ድረስ ከእግሩ ኮቴ በቀር ድምፅ የለውም። ስም የሌለው `Footsteps` እየተደጋገመ ከመጣ ክሪፐር ነው ብሎ ቢጠረጥር ይሻላል። በግም ሊሆን ይችላል፣ ግን በግን ክሪፐር ነው ብሎ መጠንቀቅ ምንም አይጎዳም።

ሙሉ ዙር ዞሮ ቀስቱ ካልጠፋ ድምፁ ከላይ ወይም ከታች ነው። ያ የ60 ዲግሪው ስሌት ግራና ቀኝ ብቻ ሳይሆን ላይና ታችንም ይቆጥራል። ወደ አድማስ እያየ ቢዞር፣ ልክ ከእግሩ ሥር ባለ ዋሻ ውስጥ ያለ ዞምቢ ሁሌም ከ60 ዲግሪ በላይ ይርቀዋል፤ ቀስቱ አንዴ ግራ አንዴ ቀኝ እያለ ይቀጥላል። ያኔ ወደ መሬት ይመልከት። ቀስቱ ከጠፋ ከታች ነው፣ ካልጠፋ ወደ ላይ ይሞክር። ሲቆፍር ላቫ ወይም ውኃ የት እንዳለ ለማወቅም ይኸው ይሠራል።

ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ነገር፦ ቀስቱ የሚያመለክተው ድምፁ የወጣበትን ቦታ ነው፣ ፍጡሩ አሁን ያለበትን አይደለም። እየዞረ ሲሄድ ቀስቱ አብሮት ይስተካከላል፣ ዞምቢው ግን በመሃል ተራምዶ ሊሆን ይችላል። ደግሞ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ሁሌ በአንድ መስመር ይጠቀለላል። አንዱ ዞምቢ በግራ ሌላው በቀኝ ቢያጉረመርሙ የሚታየው አንድ `Zombie groans` ከአንድ ቀስት ጋር ነው። አንዱን ገድሎ መስመሩ እንደገና ከደመቀ ሌላ አለ ማለት ነው።

`Eerie noise` የሚለውን ግን አይፈልገው። የጨለማ ዋሻ ድባብ ነው፣ ከጀርባው ምንም ፍጡር የለም።

---

ብሎክ_ቆፋሪ

ተምሬያለሁ፣ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ አዲሶቹ ስሪቶች ላይ `Accessibility Settings` ውስጥ `Notification Time` የሚል አለ። ወደ `2.0x` ከተደረገ ጽሑፉ 6 ሰከንድ ይቆያል። ቀስ ብሎ ለሚያነብ ልጅ ጥሩ ነው። የጽሑፉ መጠን ደግሞ ከ`GUI Scale` ጋር አብሮ ያድጋል።

---

ቀስት_አንባቢ

ልክ ነህ፣ ግን ዋጋ አለው። በ6 ሰከንድ መስመሮቹ ይደራረባሉ፤ ያ የመቆም ፍተሻም 6 ሰከንድ መጠበቅ ይሆናል። ለጀማሪ `2.0x`፣ ቃላቱን ከለመደ በኋላ ወደ `1.0x` ቢመለስ እላለሁ። ልጁ ቃላቱን አያነብም፣ ቅርጻቸውን ነው የሚለየው፤ ሃያ ያህል ቃል ከሸመደደ ንባቡ ቅጽበት ይሆናል።

---

ዙሪያ_ቀለበት

ለሁለተኛው ጥያቄሽ፦ አቅጣጫን በዓይን በማሳየት እስካሁን የተሻለው ፎርትናይት ነው። ኦዲዮ ሴቲንግ ውስጥ `Visualize Sound Effects` የሚለውን ስታበሪው በስክሪኑ መሃል ዙሪያ የማይታይ ክብ እንዳለ አስቢ። ኮቴ ሲሰማ የእግር ምልክት፣ ጥይት ሲተኮስ የጥይት ምልክት፣ የሣጥን ድምፅ ሲኖር የሣጥን ምልክት በክቡ ላይ ብቅ ይላል። የክቡ አናት ፊት ነው፣ ግርጌው ኋላ ነው። ማይንክራፍት የጎደለው ይኸው የኋላው ምልክት ነው። እዚህ ደግሞ መደብዘዝ ማለት በእርግጥ ርቀት ነው፣ ስለዚህ ከማይንክራፍት የመጣ ልጅ ይህን እንደ አዲስ ይልመደው።

ጉድለቱ፦ ክብ ጠፍጣፋ ነው። ሁለት ፎቅ ቤት ውስጥ የእግር ምልክት ልክ ከፊትህ ቢወጣ፣ ሰውየው ከበሩ ኋላ ይሁን ከራስህ በላይ ክቡ አይለይልህም። ሌላው፣ አራት ቡድን አንድ ቦታ ሲዋጋ ክቡ በምልክት ይሞላና የቅርቡ ኮቴ በጥይት መካከል ይጠፋል። እንዲህ ሲሆን ደማቁን የእግር ምልክት ብቻ መፈለግ፣ ሌላውን መተው ነው።

---

ደረጃ_አንድ

ይህ ነገር በውድድር ላይ ግን ፍትሐዊ አይደለም። የሚሰማ ሰው አብርቶት ኮቴን በዓይኑ ያያል። ብዙ የተኩስ ጌሞች ያላስገቡት ለዚህ ይመስለኛል።

---

ዙሪያ_ቀለበት

ለሁሉም ክፍት ነው እኮ፤ የሚሰማውም የማይሰማውም ያበራዋል። ሁሉም እኩል ካየ ፍትሕ የጎደለው የቱ ላይ ነው? ካልተፈቀደ ግን የማይሰማው ተጫዋች ከጀርባው የመጣውን የሚያውቀው ሲሞት ነው።

---

ደረጃ_አንድ

ሁሉም ማብራት ግዴታ ከሆነበት ሌላ ጌም ሆነ ማለት ነው። ኮቴን አድምጦ መለየት የዓመታት ችሎታ ነው፤ ምልክቱ ያንን ያጠፋዋል። ለተራ ጨዋታ ይሁን፣ ለደረጃ ውድድር ግን አልስማማም።

---

ዘሪሁን_ቀኝ

ጌሙ ራሱ ከሌለው ከውጭ የሚጫን ፕሮግራም አለ አይደል፣ የኮምፒውተሩን ድምፅ አንብቦ በስክሪን ጠርዝ ላይ ምልክት የሚያወጣ? እሱን ብንጠቀምስ?

---

ማኅሌት_ሞካሪ

ዘሪሁን፣ በኢንተርኔት ከሌሎች ጋር በሚጫወቱት ላይ ተጠንቀቅ። ጌሙ ላይ የሚደረብ የውጭ ፕሮግራም በፀረ-ማጭበርበሪያው ሊያዝና አካውንት ሊያሳግድ ይችላል፤ ከመጫንህ በፊት የጌሙን ደንብ አንብብ። ሌላም ነገር አለ፦ ፕሮግራሙ የሚያነበው ሁለት ቻናል ብቻ ከሆነ ማወቅ የሚችለው የግራው ይበልጣል ወይስ የቀኙ የሚለውን ነው። ከፊትና ከኋላ የመጣ ድምፅ ለሁለቱም ቻናል እኩል ስለሚደርስ መለየት አይችልም። ማይንክራፍት ቀስት ላይ ያየነው ችግር ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ጌሙ 7.1 እንዲያወጣ ከተደረገ የኋላ ቻናሎች ለብቻ ስለሚመጡ ይሻላል። ጌሙ ራሱ የሚያወጣው ምልክት ግን የድምፁን ትክክለኛ ቦታ ስለሚያውቅ መቼም ይበልጣል።

ሳምራዊት፣ አዲስ ጌም ከመግዛትሽ በፊት ለሚሰማ ሰው የሚሆን ፍተሻ ልንገርሽ፤ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ሄድፎን አድርጎ ያዳምጣል፣ ሌላው ድምፅ ሳይሰማ ይጫወታል። ድምፁን ከጌሙ ሴቲንግ ውስጥ ዜሮ አታድርጉት፤ ሄድፎኑን ለአንዱ ብቻ መስጠት ይበቃል። ምክንያቱም አንዳንድ ጌም ድምፁ ሲጠፋ ሰብታይትሉንም አብሮ ይዘላል፣ ያኔ ፍተሻው ይበላሻል። ለ20 ደቂቃ አድማጩ «ይህን ባልሰማ ኖሮ ያመልጠኝ ነበር» ያለውን ድምፅ ሁሉ ይጻፍ። ተጫዋቹ ደግሞ ከየት እንደመጣ ሳያውቅ የተመታበትን፣ ወይም ምን ማድረግ እንዳለበት ጠፍቶት የቆመበትን ይጻፍ። ከዚያ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ማየት ነው። በሁለቱም ወረቀት ላይ ያለ ነገር ጌሙ በዓይን ያላሳየው ነው።

ብዙ ጊዜ የሚወጡት እነዚህ ናቸው። የታሪኩ ንግግር ሰብታይትል አለው፣ በውጊያ መሃል ጠላቶች የሚጮሁት ግን የለውም፤ «ቦምብ!» የሚለው ያመልጣል። ውጊያው ማለቁን የሚነግረው ሙዚቃው መቆሙ ብቻ ነው፤ የማይሰማው ተጫዋች ባዶ ክፍል ውስጥ ተደብቆ ይቆያል። ሌላው፣ የመግቢያው ፊልም ሴቲንግ ከመከፈቱ በፊት ይጀምርና ያለ ጽሑፍ ያልፋል። አሳሲንስ ክሪድ ኦዲሲ ላይ ዩቢሶፍት ሰብታይትሉን ከመጀመሪያው በርቶ እንዲመጣ ሲያደርገው 95 ከመቶው ተጫዋች ሳያጠፋው ነው የቀጠለው፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ማብራት ማንንም እንደማያስቸግር ታይቷል።

ደግሞ የንዝረት ነገር። ኮንትሮለሩ ለጥይትም፣ ለኮቴም፣ ለመኪናም አንድ ዓይነት ከተንቀጠቀጠ መረጃ አይደለም፣ ጫጫታ ነው። ተጫዋቹ ዓይኑን ጨፍኖ ንዝረቱ የምን እንደሆነ መናገር ከቻለ ብቻ ቁጠሩት።

---

ሳምራዊት_መ

ይህ ፍተሻ በጣም ጥሩ ነው። በብቸኝነት የሚጫወትበት፣ ታሪክ ያለው ጌም ላይስ? ለራሴም ጭምር ነው የምጠይቀው፤ አብሬው እያየሁ ልከታተል።

---

ማኅሌት_ሞካሪ

በ2020 የወጣው ዘ ላስት ኦፍ አስ ፓርት ቱ አሁንም መለኪያ ነው። ግን ጭካኔው ለአዋቂ ነው፣ ለ14 ዓመት ልጅ አይሆንም። አንቺ ግን ብታይው ምን መጠየቅ እንዳለብሽ ያስተምርሻል። የመስማት ቅድመ-ዝግጅት የሚል አንድ ምርጫ አለው፤ ስታበሪው ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ይበራል። የታሪክም የውጊያም ሰብታይትል ከተናጋሪው ስም ጋር ይመጣል፣ ተናጋሪው ከስክሪን ውጭ ከሆነ የት እንዳለ የሚያሳይ ቀስት ይኖረዋል። ጠላት ሊያይሽ ሲጀምር ምልክቱ እየሞላ ይሄዳል፤ የሚሰማ ሰው ከድምፅ የሚያገኘውን ማስጠንቀቂያ በዓይን ይሰጣል። መቼ ከምት ዞር ማለት እንዳለብሽ የሚነግር ጥቆማ አለ። ጊታር መምቻው እንኳ በንዝረት ይታገዛል። ማየት ያለብሽ ይህ ነው፦ ለእያንዳንዱ ድምፅ «ለተጫዋቹ ምን ነገረው?» ተብሎ ተጠይቆ ለዚያ መልእክት የተለየ ምልክት ተሰጥቶታል።

የድሮም ቢሆን ሃፍ-ላይፍ 2 ከ2004 ጀምሮ የአካባቢ ድምፅን ጭምር በጽሑፍ ያወጣል። ግን ብዙ ሰው «ሰብታይትል» የሚለውን ብቻ መርጦ ንግግሩን ብቻ ያገኛል። በጌሙ የትእዛዝ መጻፊያ ኮንሶል ከሆነ፦

```
closecaption 1
cc_subtitles 0
```

ሁለተኛው መስመር `1` ከሆነ የሚመጣው ንግግር ብቻ ነው፣ `0` ሲሆን ድምፆቹም ይመጣሉ። አቅጣጫ ግን አይነግርም።

---

ጣት_ቋንቋ

መስማት የተሳነኝ ነኝ፣ የምልክት ቋንቋ የመጀመሪያ ቋንቋዬ ነው። ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው፤ ግን አንድ ነገር ተዘሏል። ጽሑፍ ለብዙዎቻችን ሁለተኛ ቋንቋ ነው፤ የጌሙ ጽሑፍ እንግሊዝኛ ሲሆን ደግሞ ሦስተኛ። እኔ ጌም ስመርጥ መጀመሪያ የማየው ጽሑፉ በራሱ ጊዜ ይሄዳል ወይስ እኔ ቁልፍ እስክጫን ይጠብቃል የሚለውን ነው። ስታርዱ ቫሊ ይጠብቃል፤ ገጸ ባሕሪው ሲናገር ሳጥኑ እስክነካው አይንቀሳቀስም። ዓሣ ሲይዝ ደግሞ የቃለ አጋኖ ምልክት ከራስህ በላይ ይወጣል፣ ድምፁን ባትሰማ አያመልጥህም። ለልጁ ከውጊያ ጌም ሁሉ በፊት እሱን እመክራለሁ።

መኪና እየነዳሁ ወይም እየተተኮሰብኝ የሚመጣ ረጅም ሰብታይትልን ግን አላነበውም። ዓይን አንድ ቦታ ብቻ ነው ያለው። የሚሰማ ሰው መንገዱን እያየ ያዳምጣል፣ እኔ ከሁለት አንዱን እመርጣለሁ። ስለዚህ ጥሩ ሰብታይትል ማለት አጭር ሰብታይትል ነው።

ፎርዛ ሆራይዘን 5 በ2022 ለታሪክ ክፍሎቹ የአሜሪካና የእንግሊዝ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ በስክሪን ላይ አስገብቷል። ሞስ የሚባለው የቪአር ጌም ውስጥ ዋናዋ አይጥ፣ ክዊል፣ በአሜሪካ ምልክት ቋንቋ ታወራሃለች። የአሜሪካ ምልክት ቋንቋ ለማያውቅ ልጅ ግን ይህ ጽሑፉን አይተካለትም፤ የየአገሩ ምልክት ቋንቋ የተለያየ ነው።

---

ብሎክ_ቆፋሪ

የጽሑፍ መጠን ነገር ካነሳችሁ፣ ስንት ፒክስል ይበቃል? «ትልቅ» የሚለው ምርጫ ላይ አድርጌው እንኳ ከሶፋ የማይነበብ አለ።

---

ማኅሌት_ሞካሪ

በ1080 ስክሪን ቢያንስ 46 ፒክስል የሚለው የጌም ተደራሽነት መመሪያ ነው የሚጠቀሰው፤ በአንድ መስመር 38 ፊደል ገደማ፣ ከሁለት መስመር ሳይበልጥ። በማስመሪያ ለመለካት የስክሪኑን ቁመት ለ23 አካፍለው። የስክሪኑ ቁመት 40 ሴንቲሜትር ከሆነ ጽሑፉ 1.7 ሴንቲሜትር ያህል ቦታ መያዝ አለበት። 1 ሴንቲሜትር ብቻ ከሆነ «ትልቅ» ተብሎ ቢጻፍም ትልቅ አይደለም። ከጀርባው ጥቁር መደብ መኖሩን ደግሞ በረዶ ወይም ጠራራ ፀሐይ ያለበት ትዕይንት ላይ እየው፤ ነጭ ጽሑፍ የሚጠፋው እዚያ ነው።

---

ጣት_ቋንቋ

ሴቲንግ ሳይኖረው በዓይን የሚሠራ ጌምም አለ። ሴኪሮ ላይ የማይመከት ምት ሊመጣ ሲል ቀይ ምልክት በተጫዋቹ ላይ ይወጣል። ግን ያው አንድ ምልክት ለሚወጋም፣ እግርን ለሚጠርግም፣ ለሚይዝም ምት ነው፤ መዝለል ይሁን መርገጥ ከጠላቱ አቋቋም ነው የምታነበው። እሱም ለትልቅ ሰው ነው።

---

ሳምራዊት_መ

ስታርዱ ቫሊን ዛሬ አስጀምርለታለሁ። ማይንክራፍትን ግን አይተውም። ቀስት_አንባቢ፣ አሁን ያመጣው ጥያቄ፦ ጠባብ ዋሻ ውስጥ መሮጫ ከሌለ `Creeper hisses >` ሲመጣ ምን ያድርግ?

---

ቀስት_አንባቢ

እዚያ መሮጥ አይደለም፣ መጋረድ ነው። ክሪፐሩ እንዳያየው አንድ ግድግዳ መሃል ከገባ መሙላቱን ያቆማል። ዋሻ ውስጥ ሲገባ ሁሌ በሌላኛው እጁ ጋሻ ይያዝ፣ ወይም ብሎክ በእጁ ይኑር። ችግሩ ብሎኩን የት ያስቀምጠዋል ነው፤ `>` ቀኝ ይሁን ኋላ አያውቅም። ስለዚህ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ሲቆፍር በየ10 ብሎኩ ከኋላው ሁለት ብሎክ ደርድሮ መንገዱን ይዝጋ። ያኔ ከኋላ ሊመጣ ስለማይችል `>` ማለት በእርግጥ ቀኝ ይሆናል። ክሪፐር ከላይ ቢወድቅስ ብሎ ከጠየቀ ግን፣ ለዚያ መልስ የለኝም፤ ጣሪያውን ቀና እያለ ከማየት በቀር።

---

ዘሪሁን_ቀኝ

መንገዱን መዝጋቱን ዛሬውኑ እሞክራለሁ። ጋሻው ግን ከጀርባ የመጣ ፍንዳታን ይከላከላል?

---

ቀስት_አንባቢ

አይከላከልም፣ ጋሻ የሚሠራው ከፊት ለመጣው ብቻ ነው። ለዚህ ነው መጀመሪያ ከኋላ መዝጋት ያልኩት።